«ውድ ነው» ለሚል ደንበኛ ምን ብለን እንመልስ?

ጥያቄ፦ «ፕሪንተር እንሸጣለን። በስልክም በአካልም ደንበኛው ‹ዋጋችሁ ውድ ነው› ሲል ልጆቹ ይደነግጣሉ። ወይ ዝም ይላሉ፣ ወይ ወዲያው ቅናሽ ይሰጣሉ። ምን ብለው እንዲመልሱ ልጻፍላቸው?»

ወንድሜ፣ ከመልሱ በፊት አንድ ጥያቄ ጻፍላቸው። ሻጭ ሆኜም፣ ሻጮች አሰልጥኜም ያየሁት ይህን ነው፦ «ውድ ነው» ከአራት ሰው አፍ ሲወጣ አራት የተለያየ ነገር ይሆናል። አንዱ ሌላ ቦታ ረከስ ያለ አይቷል። ሁለተኛው የተፈቀደለት በጀት አይበቃውም። ሦስተኛው ማሽኑ ምን ስለሚሰራ ያን ያህል እንደሚያወጣ አልገባውም። አራተኛው ዋጋው ተስማምቶታል፣ ግን ሳይከራከር መክፈል ሞኝነት ይመስለዋል። ልጆቹ ለአራቱም «ጥራት ስላለው ነው» የሚል አንድ መልስ ሸምድደው ከወጡ፣ ቢሳካላቸው በአንዱ ነው።

ጥያቄዋ አጭር ናት፦ «ገባኝ። ከምን ጋር ሲያስተያዩት ነው የተወደደብዎት?» ከዚያ ዝም ማለት። ዝምታውንም ስክሪፕቱ ላይ ጻፈው፣ «እዚህ ጋ ዝም በል» ብለህ። ቀልድ እንዳይመስልህ። ደንበኛው ሊናገር ሲል «ግን እኮ…» ብሎ የሚገባ ሻጭ ስንት ሽያጭ አበላሽቷል። «ለምን ውድ አሉት?» የሚለውን ግን አትጻፍ። ሰውየው ያለውን ለማስረዳት ምክንያት ይደረድራል፣ በደረደረ ቁጥርም ይበልጥ ያምንበታል።

ብዙ ጊዜ የሚመጣው መልስ «እነ እገሌ ጋ በ40 ሺህ አገኛለሁ» የሚል ነው። የእናንተ 52 ሺህ ነው እንበል። እዚህ ላይ ሻጩ ስለ 52 ሺህ ማውራት ማቆም አለበት። ሰውየው አንድ ፕሪንተር ለመግዛት ወስኗል፤ 40ውን ያወጣዋል። የቀረው ወሬ ስለ 12 ሺህ ብቻ ነው። ስለዚህ መስመሩ እንዲህ ይሁን፦ «እንግዲህ ልዩነቱ 12 ሺህ ነው። ይሄ 12 ሺህ ተመልሶ ይመጣል ወይስ አይመጣም፣ አብረን እንየው። በወር ስንት ገጽ ያትማሉ?»

የገጹን ቁጥር ደንበኛው ራሱ ይንገራችሁ። ሻጩ ከኪሱ ያወጣውን ቁጥር ማንም አያምንም። «2,000 ገጽ አካባቢ» አለ እንበል። የዚያኛው ቀለም 3 ሺህ ተሽጦ 2,000 ገጽ ያትማል፤ አንድ ገጽ 1.50 መጣ ማለት ነው። የእናንተው 4 ሺህ ሆኖ 4,000 ገጽ ያትማል፤ አንድ ገጽ 1 ሆነ። በገጽ 50 ሳንቲም፣ በወር 1,000 ይተርፈዋል። 12 ሺው በአንድ ዓመት ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ያለው ትርፉ ነው። ቀለሙ ላይ የተጻፈው የገጽ ብዛት ወረቀቱ 5 ከመቶ ገደማ ብቻ ሲሸፈን የሚገኝ ስለሆነ፣ ፎቶና ትልልቅ አርማ የሚያትም ሰው ያንን ያህል አያገኝም። ይህን ሻጩ ራሱ ቀድሞ ይናገር። ደንበኛው በኋላ ደርሶበት ከሚመጣ ይሻላል።

አሁን ያው ደንበኛ «በወር 300 ገጽ» ቢልስ? የሚተርፈው በወር 150 ብቻ ነው። 12 ሺውን ለመመለስ 80 ወር፣ ማለትም ከስድስት ዓመት በላይ ይፈጃል። ለዚህ ሰው በእርግጥም ውድ ነው! ስክሪፕቱ ላይ ለእሱ የሚሆን መስመር ይኑር፦ «እውነትዎን ነው፣ ለእርስዎ ሥራ ይሄ ይበዛል። አነስ ያለውን ላሳይዎት።» ይህን መስመር የሚፈሩ አለቆች አይቻለሁ። እኔ ግን ሰውየው ማሽኑን ገዝቶ በየሄደበት ከሚያማን እንዲህ ይሻላል ባይ ነኝ።

በአካል ከሆነ ይህን ስሌት ወረቀት ላይ በእጅ ሥሩት። የታተመ ብሮሹር አይሁን። ወረቀቱን ወደ ደንበኛው አዙሩትና ቁጥሩ ሲጻፍ ይይ። ሲጨርስ ወረቀቱ እሱ ጋ ይቅር፤ ብዙ ጊዜ የሚወስነው ሌላ ሰው ስለሆነ ለአለቃው የሚያሳየው ነገር ያገኛል።

በስልክ ግን ይህን ሁሉ አትሞክሩ። አራት ቁጥር በጆሮ ይዞ የሚያሰላ ሰው የለም። በስልክ አንድ ቁጥር ብቻ ይነገር፦ «በነገሩኝ የገጽ ብዛት ልዩነቱ በአንድ ዓመት ይመለሳል። ስሌቱን አሁን በመልእክት ልላክልዎትና ነገ ጠዋት ልደውል?» በቃ። ሌላው የስልክ ችግር ደንበኛው ሰላም ሳይል «ዋጋው ስንት ነው?» ማለቱ ነው። አትደብቁት፣ መደበቅ ያናድዳል። «እንደ ሥራው ከ30 እስከ 52 ሺህ ነው። በወር ስንት ገጽ እንደሚያትሙ ቢነግሩኝ የትኛው እንደሚበቃዎት እነግርዎታለሁ።» ዋጋውና ጥያቄው በአንድ ትንፋሽ ይውጡ። ዋጋ ተናግሮ ዝም ያለ ሻጭ የሚሰማው «ውድ ነው» ነው፣ ቀጥሎም ስልኩ ይዘጋል።

የበጀቱ ነገር ቀላል ነው። «ስንት ነው የተፈቀደልዎት?» ብሎ ጠይቆ ወይ አነስ ያለ ሞዴል፣ ወይ በሁለት ጊዜ የሚከፈልበት መንገድ ማሳየት ነው። በጀቱ ያለቀበትን ሰው ስለ ጥራት ማስተማር ጊዜ ማባከን ነው።

ለሚከራከረው ደግሞ አንድ ሕግ ጻፍላቸው፦ ሳይቀበሉ አይስጡ። «ሁለት ከወሰዱ ይህን ያህል እቀንሳለሁ»፣ «ዛሬ ሙሉውን ከከፈሉ ማድረሻውን እኛ እንችላለን»። በባዶ የሚሰጥ ቅናሽ ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛ፣ በአንድ ቃል 5 ሺህ ከወረደ ደንበኛው የሚያስበው «ለካ ሊበሉኝ ነበር» ብሎ ነው፣ ተጨማሪም ይጠይቃል። ሁለተኛው ሒሳብ ነው። ከ100 ላይ 20 የምታተርፍ ከሆነ፣ 10 ስትቀንስ የሄደው የትርፍህ ግማሽ ነው። ያንኑ ትርፍ ለማግኘት እጥፍ መሸጥ አለብህ። ይህን ለልጆቹ በቁጥር አሳያቸው፤ «10 ከመቶ ምን አላት» የሚሉት ሒሳቡን ስለማያውቁት ነው።

ስክሪፕቱን ስትጽፍ ከራስህ አትጀምር። ልጆቹ ለሁለት ሳምንት ያህል ደንበኛው ያለውን ቃል በቃል ይጻፉ፣ ከጎኑም ንግግሩ ስንተኛው ደቂቃ ላይ እንደነበር። ገና መጀመሪያ ላይ የሚመጣ «ውድ ነው» ብዙ ጊዜ ደንበኛው ስለ ዕቃው ምንም አለመስማቱን ነው የሚያሳየው። መጨረሻ ላይ የሚመጣው ግን ወይ በጀት ነው፣ ወይ ክርክር። ከዚያ ሁለት ሁለት ሆነው ጮክ ብለው ይለማመዱ፤ አንዱ ደንበኛ ይሁንና የትኛው ዓይነት እንደሆነ አይናገር። ሻጩ ጠይቆ ይድረስበት።

ስክሪፕቱ እንዳልሰራ የምታውቀው «እሺ፣ እናስብበታለን» የሚለው ሲበዛ ነው። ሻጩ ያልተጠየቀውን መልሷል ማለት ነው። ያኔ መልሱን ከማሳመርህ በፊት ያቺን የመጀመሪያ ጥያቄ በትክክል እየጠየቁ፣ ጠይቀውም ዝም እያሉ መሆኑን ከጎናቸው ቁጭ ብለህ ስማ።