«እንዴት ነዎት» እና «እንደምን ከረሙ»፦ ለታላላቆች ሰላምታ ስንሰጥ

ጥያቄ፦ ያደግሁት አዲስ አበባ ነው። በቅርቡ የባለቤቴን አያት ለመጠየቅ ከባሕር ዳር በጀልባ ወደ ዘጌ ሄደን ነበር፤ ካየኋቸው ዓመት ሊሞላኝ ነው። ገና ከደጅ «እርስዎ እንዴት ነዎት እማማ?» ብዬ እጄን ዘረጋሁ። እሳቸው ደስ ብሏቸው ሳሙኝ፤ ባለቤቴ ግን ኋላ «እንደ ቢሮ ሰው አናገርሻቸው» ብሎ ሳቀብኝ። «አንቱ» ማለት ነበረብኝ? እኔ ሳድግ «አንቱ» የባላገር ቃል ይመስለኝ ነበር። ጎንበስ የሚባለውስ እስከ ምን ድረስ ነው?

መልስ፦ ሰዋስዉ ላይ ጥፋት የለብዎትም፤ «እርስዎ» እና «ነዎት» በትክክል ተስማምተዋል። ባለቤትዎን ያሳቃቸው ሌላ ነው። ያ ሰላምታ ተውላጠ ስም አይፈልግም ነበር፤ ዓመት ለተለዩት ሰው የሚመረጠው ግስም «ነዎት» አይደለም።

ከተውላጠ ስሙ ልጀምር። «አንቱ» እና «እርስዎ» ሁለቱም አንድን ሰው በአክብሮት ስናነጋግር የምንጠቀምባቸው ናቸው፤ የሚከተላቸው ግስም አንድ ነው። «አንቱ ከየት መጡ?» ቢሉም «እርስዎ ከየት መጡ?» ቢሉም ግሱ ያው «መጡ» ነው። «እርስዎ» ከግእዙ «ርእስ» ከወጣው «እርስ» እና አክብሮትን ከሚያሳየው «ዎ» የተሠራ ነው፤ «እሱ»፣ «እሷ» እና «እሳቸው»ም በጽሑፍ «እርሱ»፣ «እርሷ»፣ «እርሳቸው» ሲባሉ እንደሚታየው የዚያው ግንድ ቅርንጫፎች ናቸው። ልዩነቱ ያለው ቃሉ በሚዘወተርበት ቦታ ነው። በጣና ዙሪያ ባሉ መንደሮች፣ በጎጃምም ሆነ በጎንደር በኩል፣ በቤትና በደጅ ሲነገር የሚሰማው «አንቱ» ነው፤ «እርስዎ» ደግሞ በደብዳቤ፣ በቢሮና በከተማ ንግግር ሰፍቷል። ስለዚህ በዘጌዋ አያት ጆሮ «እርስዎ» ከእንግዳ የመጣ ቃል ይመስላል እንጂ አያስቀይምም። «አንቱ» የባላገር ነው የሚለውን ግን ይተዉት። በሥራው ስም ያተረፈውን ሰው «አንቱ የተባለ» የምንለው ቃሉ ክብር ስላለው ነው።

በሰላምታ ጊዜ ግን ከሁለቱ አንዱንም መምረጥ አያስፈልግዎትም። የአማርኛ ግስ ባለቤቱን በራሱ ይዞ ስለሚዞር «እንደምን አደሩ?» ሲሉ አክብሮቱ በ«አደሩ» ውስጥ አልቋል። ተውላጠ ስሙን ከፊት ሲያስቀምጡት «እኔ ደኅና ነኝ፣ እርስዎስ?» እንደምንለው ማነጻጸሪያ ይመስላል፤ የቢሮ ሽታውም በአብዛኛው የመጣው ከዚህ ነው። ከተውላጠ ስሙ ይልቅ መጠሪያው ይቀድማል፦ «እማማ»፣ «አባባ»፣ ወይም ቤተሰቡ የለመደው ሌላ ስም። በዚህ አገር «አያ» የሚባል ታላቅ ወንድም ወይም ጎረቤት ቢያጋጥምዎት፣ «አያ» ክብር ቢሆንም ብዙ ጊዜ ከ«አንተ» ጋር የሚሄድ የቅርበት ቃል መሆኑን ልብ ይበሉ፤ በተረት ያለው አያ ጅቦም ሁሌ «አንተ» ነው የሚባለው። «አንተ» እና «አንቺ» ራሳቸው ንቀት አይደሉም። ሰው በጸሎቱ ፈጣሪውን «አንተ»፣ እመቤታችንን «አንቺ» ይላል፤ ብዙ ቤት ውስጥም አባትና እናት «አንተ» እና «አንቺ» ሲባሉ አያት ብቻ «አንቱ» ይባላሉ። የባለቤትዎ ቤት እንዴት እንደሚል መስማትና ያንኑ መከተል ይበቃል።

አሁን ወደ ግሱ። አማርኛ ሰላምታ ሲሰጥ በዋናነት የሚጠይቀው ሰውየው ያሳለፈውን ጊዜ ነው። ከሌሊት በኋላ «እንደምን አደሩ?»፣ ከቀትር ወዲህ «እንደምን ዋሉ?»፣ ሲመሽ «እንደምን አመሹ?» ይባላል። ጥቂት ቀን ከተለያዩ «እንደምን ሰነበቱ?»፣ ወራት ካለፉ ደግሞ «እንደምን ከረሙ?» ነው። «ከረመ» መነሻው ክረምትን ማሳለፍ ነው፤ ለበጋውም የራሱ ግስ አለው፣ «እንደምን ባጁ?» ይባላል፤ ይህን አሁን የሚያዘወትሩት በገጠር ያሉ ታላላቆች ናቸው። አንድ የከተማ ልጅ በበጋ መጨረሻ «እንደምን ባጁ?» ብሎ ሲገባ ቢሰሙ አያቶች ፊታቸው እንዴት እንደሚበራ ስላየሁ፣ እኔ በበኩሌ ቃሉ እንዳይጠፋ እመኛለሁ። እንግዲህ ዓመት ሊሞላዎ ሲል ሲሄዱ «እማማ፣ እንደምን ከረሙ?» ቢሉ ኖሮ «ምን ያህል እንደራቅሁ አውቀዋለሁ» የሚለውንም በአንድ ቃል ይናገሩ ነበር። «እንዴት ነዎት?» ያሁኑን ሁኔታ ብቻ ስለሚጠይቅ ለመንገድ ላይ ሰላምታና ለስልክ ይስማማል፤ የለዩዋቸውን ወራት ግን አይነካም። በተቃራኒው ትናንት ያገኟቸውን ሰው «እንደምን ከረሙ?» ካሏቸው «ምነው ጠፉ» የሚል ቀልድ ወይም ወቀሳ ሆኖ ይሰማል። «ነዎት» የሚለውንም ሲጽፉ አደራዎን «ኖት» አያድርጉት፤ አፍ ቢያሳጥረውም ጽሑፉ «ነዎት» ነው።

የመልሱም ነገር ክብር አለው። አያቲቱ «እግዚአብሔር ይመስገን፤ እንደምን ከረማችሁ ልጆቼ?» ሲሉ «ደኅና» ብሎ ማቆም ቁርጥ ያለ ነው፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይበሉና ግሱን ሙሉ አድርገው ይመልሱት። ሙስሊም ቤት ከሆነ «አልሐምዱሊላህ» ይባላል። ከዚያ ጥያቄው ይዞራል፤ ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ከብቱ፣ በዘጌ ደግሞ ስለ ቡናው። ያንኑ ጥያቄ ሁለትና ሦስት ጊዜ መልሰው ቢጠይቁዎት ያልሰሙ አይምሰልዎ፤ ድግግሞሹ ራሱ ሰላምታው ነው፣ እርስዎም ሳይቸኩሉ በየተራው ይመልሱ። ማን እንደሆኑ በውል የማያውቋቸው ሰው ከሆኑ «ጤና ይስጥልኝ» አስተማማኝ ነው። ሰጪው እግዚአብሔር ስለሆነ ግሱ በእሱ ይረጋል፤ ሰሚው «አንተ» ይሁን «አንቱ» ቃሉ አይለይም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ከሰላምታው በኋላ ነው። «አደሩ» እና «መጡ» ፊት ለፊት ላሉት አዛውንትም፣ በሌሉበት ለሚወሩት አዛውንትም፣ «እነሱ» ለምንላቸው ብዙ ሰዎችም አንድ መልክ ስለሆኑ ጆሮ ይዘናጋል። ቅጥያዎቹ ግን ይለያሉ። ለሚያነጋግሯቸው «ጤናዎ እንዴት ነው?»፣ «ደክሞዎታል?»፣ «ውሃ ላምጣልዎት?» ይላሉ፤ ስለ እሳቸው ለባለቤትዎ ሲናገሩ ደግሞ «ጤናቸው»፣ «ደክሟቸዋል»፣ «ላምጣላቸው»። አያቲቱ ፊት ለፊት ተቀምጠው እሳቸውን «ጤናቸው ደኅና ነው?» ቢሏቸው ስለ ሌላ ሰው የተጠየቁ ይመስላቸዋል። ሌላው ስሕተት በመሐል መንሸራተት ነው፦ «እማማ፣ ይቀመጡ፤ ቡና ላፍላልሽ?» የሚለው ዓረፍተ ነገር በአክብሮት ተነሥቶ በ«ሽ» ላይ ይወድቃል። ከልማድ የራቀ ሰው መጀመሪያ የሚጠፋበት ይህ ቅጥያ ነው፤ ስለዚህ ከመሄድዎ በፊት ይለማመዱ ከተባለ የሚለማመዱት «ላፍላልዎት»ን ነው።

እጅ መዘርጋትዎ ጥፋት አልነበረም፤ አኳኋኑ ነው የሚታየው። እጅ ሲዘረጋ ቀኝ እጅ ይወጣል፣ ግራ እጅ ደግሞ የቀኙን ክንድ ከክርኑ አጠገብ ይደግፋል፣ ወገብም አብሮ ይታጠፋል። ባርኔጣ ያደረገ ያወልቃል፤ በብስክሌት የመጣም ከታላቅ ሰው ፊት ሲደርስ ወርዶ ነው ሰላም የሚለው። ለአያት ግን ጎንበስ የሚባለው ወደ ጉልበት ነው። አያቲቱ ተቀምጠው ከሆነ ዝቅ ብለው ወደ ጉልበታቸው ያመራሉ፤ እሳቸው ደግሞ «ኧረ ተዪ!» እያሉ ጉልበታቸው ሳይደርሱ በሁለት እጃቸው ትከሻዎን ይይዙና ቀና አድርገው ጉንጭዎን ይስማሉ። እንግዲህ «እስከ ምን ድረስ» ላሉኝ መልሱ ይኸው ነው፤ እስኪያስቆሙዎት ድረስ። እርስዎ ገና ደጃፍ ላይ ቆመው እሳቸው እጃቸውን እስኪዘረጉ የሚጠብቁ ከሆነ ሰላምታው ለአያት ሳይሆን ለሹም የሚመጥን ይሆናል። ካላስቆሙዎት ጉልበቱን ስመው ቀና ይበሉ፤ ደጋግሞ መስገድ አያስፈልግም። በነጠላ የሄዱ እንደሆነ ከመጎንበስዎ በፊት ከትከሻ ላይ አስተካክለው ይልበሱት፤ እሱም ይታያል። ካህን ቢያጋጥምዎት ደግሞ ሥርዓቱ ሌላ ነው፦ መስቀሉን ተሳልመው «አባ፣ ይፍቱኝ» ይላሉ፣ እሳቸውም «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ይሉዎታል፤ ለካህን ጉልበት አይታሰብም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ በሚቀጥለው ጉዞዎ ስለሚያጋጥምዎት። ቤት ውስጥ ከአያቲቱ ጋር ጎረቤት ሽማግሌዎች ተቀምጠው ቢያገኙ ለሁሉም በአንድ ላይ «እንደምን ዋላችሁ?» ይበሉ። አማርኛ ለብዙ ሰው የተለየ የአክብሮት ግስ የለውም፤ «ዋላችሁ» ለልጆችም ለሽማግሌዎችም አንድ ነው። «እናንተ» የሚለውን ተውላጠ ስም ግን አይጨምሩ፤ በዚህ ቦታ ሸካራ ነው። ከዚያ አንድ በአንድ ሲደርሱ ለእያንዳንዱ «እንደምን ዋሉ?» ብለው ወደ ነጠላው አክብሮት ይመለሳሉ። በኋላ ተቀምጠው ሳሉ ሌላ ታላቅ ሰው ቢገቡ እርስዎም ከሌሎቹ ጋር ብድግ ብለው «ኖር!» ይበሉ። የገቡት ሰው «ኧረ በእግዚአብሔር!» ብለው እንዲቀመጡ ይለምኑዎታል፤ እሳቸው ሳይቀመጡ ግን አይቀመጡ።