ቁጥሩን ሳትለቅ መልእክቱን አለስልሰው

«የምኖረው ደሴ ነው፤ ኮምቦልቻ ያለ ፋብሪካ ለሂሳብ ሥራ 18,000 ብር አቀረበልኝ። "ከ22,000 በታች አልሠራም" ብዬ ጽፌያለሁ፤ ሳልለማመጥ እንዴት ላለስልሰው?»

«አልሠራም» የሚለውን አውጣው፣ ቁጥሩን ግን አትንካው። እንዲህ ብለህ ላክ፦

«ስለመረጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ፤ አብሬያችሁ መሥራት እፈልጋለሁ። የክምችት ቆጠራውንና የወር መዝጊያውን ያለ ተጨማሪ ሥልጠና ስለምረከብ፣ ያልተጣራ ደመወዙ 22,000 ብር ቢሆን ወዲያው እፈርማለሁ። የደመወዝ እርከኑ ካልፈቀደ፣ ልዩነቱን ከደሴ ለምመላለስበት በትራንስፖርት አበል መሙላት ይቻል እንደሆነ አብረን ብናይ ደስ ይለኛል።»

የቆጠራውንና የወር መዝጊያውን ነገር በእጅህ ባለው ልምድ ቀይረው። ምክንያትህ ለእነሱ የምታቀልላቸው ሥራ ይሁን። የኑሮ ውድነቱን አታንሳ፤ እሱ የሁሉም አመልካች ምክንያት ነው። «ከተቻለ» ወይም «ከ20 እስከ 22 ሺህ» እንዳትል። ክልል ከሰጠህ የሚያዩት 20ውን ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። «ያልተጣራ» የምትለዋን ቃል አትርሳ። አንዱ የተጣራ ሲል ሌላው ያልተጣራ እየመሰለው የተስማሙ ሰዎች አይቻለሁ፤ ጠቡ የሚነሳው የመጀመሪያው ደመወዝ ሲገባ ነው። ከ22,000 ላይ የሥራ ግብርና 7 በመቶ ጡረታ ይቆረጣል። ልዩነቱን በአበል ከሞሉልህ ደግሞ ጡረታህም የትርፍ ሰዓት ክፍያህም የሚሰላው በ18,000 ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ደመወዙ ላይ ግፋ፣ አበሉን የምትቀበለው እምቢ ካሉ ብቻ ነው። አበሉም የቅጥር ደብዳቤው ላይ በቁጥር ይጻፍልህ።