«ስንት ብር ነው? የማን?»

ጥያቄ፦ «ከስድስት ወር በፊት ንስሐ ገብቼ ቀኖናዬን ጨርሻለሁ። ሰዎች ‹ቅልል አለኝ› ሲሉ እሰማለሁ፤ እኔ ግን ምንም አልቀለለኝም። የንስሐ አባት ልቀይር ወይስ ሌላ ቀኖና ልጠይቅ?»

ወንድሜ፣ አባት አትቀይር። እኔ ቀይሬ ሁለት ዓመት አባክኛለሁ። አንተም የእኔው ነገር እንዳለብህ ከአጻጻፍህ ገምቻለሁ፤ የሰው ገንዘብ ወይም የሰው ስም እጅህ ላይ አለ።

1ኛ. ኃጢአትህን በስሙ ጥራው። «ደካማ ነኝ፣ ገንዘብ ላይ ስህተት ነበረብኝ» ካልክ ገና አልተናዘዝክም። እኔ ያልኩት ቃል በቃል ይህንኑ ነው።

እህቴ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራ ነበር። ለኮንዶሚኒየም ቁጠባዋ የምትልከውን ብር ባንክ የማስገባላት እኔ ነበርኩ። ሱቄ ሲንገዳገድ ከዚያ ላይ ማንሳት ጀመርኩ። መጀመሪያ 5,000 ነበር፣ እመልሰዋለሁ ብዬ። በመጨረሻ 86,000 ብር ደረሰ። እሷ ስትደውል «አዎ፣ ገብቷል» እላት ነበር።

ሲከብደኝ ጊዜ ንስሐ ለመግባት ወደ ሰፈሬ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ቢሮ ያገኘሁት ሰው ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ «የሰበካ ጉባኤ ወርሃዊ ክፍያህ የት አለ?» አለኝ። የስምንት ወር ውዝፍ ነበረብኝ። «መጀመሪያ ይህን ጨርስና አባት እንመድብልሃለን» ብሎ መለሰኝ። ያን ቀን እንባዬ እየመጣ ነው የወጣሁት፤ ዛሬም ሳስበው ያመኛል። ንስሐ ፍለጋ የመጣን ሰው በደረሰኝ አይመልሱትም። ግን ጥፋቱን ሁሉ በሱ ላይ አልጥልም። የማያውቀኝን ካህን ፍለጋ ወደ ሩቅ ደብር የሄድኩት፣ ማንም እንዳይጠይቀኝ ስለፈለግሁም ነው።

እዚያ የነበሩት አባት ቸኩለው ነበር፤ ሰው ተሰልፏል። «ገንዘብ ላይ ስህተት» አልኳቸው፤ ምን ዓይነት ብለው አልጠየቁም። የ40 ቀን ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ በቀን 41 ስግደት፣ መዝሙር 50 ማታና ጠዋት አዘዙኝ። አንዷን ሳላጎድል ፈጸምኩ፣ በዚህ እኮራለሁ። እሑድ ስግደት ስለሌለ ሰኞ ላይ እንኳ አካክሼ እሰግድ ነበር። በአርባኛው ቀን ስልኬ ላይ የእህቴ ስም ሲበራ ያው ልቤ ድንግጥ አለ። ሌላ አባት ያዝኩ። ጠበል ገባሁ። ስቅለት ዕለት ተሰልፌ በወይራ ቅጠል ተጠበጠብኩ። የዚያን ዕለት ማታ ትንሽ ቀለለኝ፤ ማክሰኞ ግን ተመልሶ መጣ።

2ኛ. ልልህ የነበረው የሰው ገንዘብ በስግደት አይከፈልም ነው፤ ግን እንዴት እንደገባኝ ልንገርህ፣ ይሻላል።

አሁን ያሉኝ አባቴ ሽማግሌ ናቸው። ቅዳሜ ከሰዓት በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ከጽዱ ስር ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። ያንኑ «ስህተት» ስላቸው መቁጠሪያቸውን የምትቆጥረው አውራ ጣታቸው ቆመች። «ልጄ፣ ስንት ብር ነው? የማን?» አሉኝ። ላቤ መጣ። ሁለት ዓመት ሙሉ ቁጥሩን በአፌ ጠርቼው አላውቅም ነበር። «ሰማንያ ስድስት ሺህ። የእህቴ» አልኩ። «ታውቃለች?» «አታውቅም።» «እንግዲህ መጀመሪያ ለሷ ንገራት። ቀኖናው ይቆይሃል።»

ከዚያ ዘኬዎስን አነሱልኝ፤ የቀማውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለውን። ጌታ «ዛሬ ለዚህ ቤት መዳን ሆኖለታል» ያለው ከዚያ ቃል በኋላ ነው። ማቴዎስ 5 ላይ ደግሞ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ መጀመሪያ ከወንድምህ ታረቅ ይላል። ይህን ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ! ለእኔ የተባለ ግን አይመስለኝም ነበር።

ሱቅ አጠገቤ የሚሠራው ሙስሊም ጎረቤቴም በኋላ ስነግረው አልገረመውም። እነሱ ዘንድ ተውባ ማለት መጸጸት፣ ወንጀሉን መተውና ዳግም አልመለስበትም ብሎ መቁረጥ ነው። የሰው ሐቅ ካለበት ግን ሐቁን መመለስ ወይም ባለቤቱን አውፍ ማስባል ይጨመራል። ሸሂድ፣ ማለትም ለእምነቱ የሞተ ሰው፣ ወንጀሉ ሁሉ ይማርለታል፣ ዕዳ ሲቀር የሚል ሐዲስ እንዳለም ነገረኝ። አይሁድም የማስተሰረያ ቀናቸው ዮም ኪፑር በሰውና በሰው መካከል ያለውን በደል አያስተሰርይም፣ ተበዳዩ እስኪታረቅ ድረስ ይላሉ፤ ሚሽና በሚባለው የጥንት የሕግ መጽሐፋቸው ውስጥ የተጻፈ ነው። ሦስቱም ቤት ያው ነገር መባሉ ልቤን ነካው።

ለእህቴ በኢሞ ደወልኩ። ቁጥሩን ነገርኳት። ብዙ ዝም አለች፣ ከዚያ «ወንድሜ ነህ ብዬ» ብላ ዘጋችው። ይቅር አላለችኝም። አራት ወር አላናገረችኝም። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው፤ እኔም ልቆርጥ ነበር። አባቴ ግን «መናገርና መመለስ ያንተ ድርሻ ነው፣ ይቅር ማለት የሷ» አሉኝ። የሱቁን ፍሪጅ 30,000 ሸጬ በስሟ ባንክ አስገባሁ። የቀረውን 56,000 በየወሩ 4,000 እያልኩ በ14 ወር ጨረስኩ። በየወሩ የደረሰኙን ፎቶ እልክላት ነበር፣ ምንም ሳልጽፍበት። በአምስተኛው ደረሰኝ ላይ «እሺ ወንድሜ» ብላ መለሰችልኝ። እናቴም አስታራቂ ሆና ገባች።

የመጨረሻው ክፍያ ሲያልቅ አባቴ ከፊታቸው አንበረከኩኝ። «ይፍቱኝ አባቴ» አልኩ፤ «እግዚአብሔር ይፍታ» አሉኝ። ፍትሐት የሚለው ቃል ከ«ፈትሐ» የመጣ መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው፤ ፈታ ማለት ነው። እኔ ሁለት ዓመት የምጠብቀው ሸክም ሲወርድ ነበር። የእኛ አባቶች ግን ነገሩን እንደ እስራት ነው የሚያዩት፤ ገመዱም ባልመለስኩት ብር ተቋጥሮ ነበር። መዝሙር 31 ላይ ዳዊት ዝም ባለ ጊዜ አጥንቶቹ እንደተበላሹ ይናገራል። መዝሙር 50 ላይ ደግሞ እጠበኝ፣ ከበረዶም ይልቅ ነጭ እሆናለሁ ይላል። እኔ ሁለተኛውን ብቻ ነበር የምደግመው።

ቅልል ማለቱ የመጣው ግን ያን ዕለት አይደለም። ከሳምንት በኋላ ስልኬ ሲጠራ እጄ ሊጥ ላይ ነበር። የእህቴ ስም ነበር። እጄን ጠራርጌ አነሳሁት። ካወራን በኋላ ነው ልቤ ድንግጥ እንዳላለ ያስተዋልኩት።

3ኛ. ስሜቱን መለኪያ አታድርገው። ሁሉን ተናግረህ፣ የሰውንም መልሰህ፣ አሁንም ካልቀለለህ ያው ኃጢአት ላይ ደጋግመህ አትናዘዝ። አንዴ የተፈታውን እንደገና ማሰር ነው ይላሉ አባቴ። እንቅልፍና ምግብ የሚከለክልህ ከሆነ ደግሞ ሐኪምም አማክር፣ ያ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል።

አንተ ግን መጀመሪያ ወረቀት ያዝ። በአንድ መስመር የማን፣ ምን፣ ስንት ብለህ ጻፍ። መጻፍ ካቃተህ ለአባትህም ያልነገርካቸው እሱን ነው። ይዘህ ወደዚያው አባትህ ሂድ፤ የምትነግራቸውን ለማንም አያወሩም። ንግግርህን ከቁጥሩ ጀምር። ጨርሰው ሲሰሙህ ወረቀቱን ቅደደው።