ትልቅ ፎቶ በ4 ጊጋ ካርድ፦ ስፌቱ እንዳይታይ

ሐዋሳ ነኝ። ለፎቶ ቤቶችና ለባነር አታሚዎች ኖይዝ የበዛበት ምስል በኤአይ ሞዴል አጸዳለሁ። የግራፊክስ ካርዴ ሚሞሪ 4 ጊጋ ብቻ ስለሆነ ምስሉን ቆራርጬ ሠርቼ መልሼ ነው የምገጥመው። ሰሞኑን ከታቦር ተራራ ላይ ሐይቁ በማለዳ የተነሳበት ፓኖራማ መጣልኝ፤ 16000 በ6000 ፒክስል። በሱ እያየን እንሂድ፣ ጠይቁ።

ፋይሉ 200 ሜጋ አይሞላም፣ ኮምፒዩተሬ ደግሞ 32 ጊጋ ራም አለው። ለምን ሚሞሪ ሞላ ይለኛል?

ወንድሜ፣ የኮምፒዩተሩ ራም ሌላ፣ የካርዱ ሚሞሪ ሌላ። የሚሞላው የካርዱ ነው። ፋይሉም አያታልልህ፤ ሞዴሉ ውስጥ ሲገባ ያብጣል። የኔ ሞዴል አንዱ ሌየር 64 ቻናል አለው፤ ለእያንዳንዱ ፒክስል 64 ቁጥር፣ ለእያንዳንዱ ቁጥር 4 ባይት። በ96 ሚሊዮን ፒክስል ስታባዛው 24 ጊጋ ተኩል ይመጣል፣ ያውም ለአንድ ሌየር። 640 በ640 የሆነ ቁራጭ ግን 105 ሜጋ ገደማ ነው የሚወስደው።

512 በ512 ቆርጬ ሠራሁና መልሼ ገጠምኩት። ሐይቁ ላይ ፍርግርግ ወጣ፣ ዛፎቹ ላይ ግን የለም።

ዛፎቹም ላይ አለ፤ ቅጠሉ ደብቆት ነው። ጸጥ ያለ ውሃና ሰማይ ምንም አይደብቅም፣ ስለዚህ ስፌት መኖሩን የማጣራው ሁልጊዜ እዚያ ነው። ሞዴሉ አንድን ፒክስል ሲያጸዳ ዙሪያውን አይቶ ነው። ጠርዝ ላይ ሲደርስ ጎረቤቱ ተቆርጦ ስለቀረ አብዛኛውን ጊዜ በቦታው ዜሮ፣ ማለትም ጥቁር፣ ያያል። መፍትሔው ቁራጩን አስፍቶ መስጠትና ዳሩን መጣል ነው። እኔ 640 እሰጠዋለሁ፣ ከየጎኑ 64 ጥዬ መሃል ያለውን 512 ብቻ አስቀምጣለሁ። አስቀድሜ ፎቶውን ዙሪያውን በ64 ፒክስል እንደ መስታወት አንጸባርቄ አሰፋዋለሁ፤ ቀኝና ታች ደግሞ የፎቶው ልክ ያለ 64ቱ ዳር በ512 እንዲካፈል ትንሽ እጨምራለሁ። ከታች x የሰፋው ፎቶ ነው፣ out ውጤቱ፣ a እና b ደግሞ በየ512 የሚዘሉ የቁራጩ መነሻዎች።

```python
with torch.inference_mode():
    y = model(x[:, :, a:a+640, b:b+640].cuda())
    out[:, :, a:a+512, b:b+512] = y[:, :, 64:576, 64:576].cpu()
```

64 ይበቃል ወይ የሚለውን በሙከራ እወቂው። ካርድሽ የሚችለውን ያህል፣ ለምሳሌ 1024 በ1024፣ ቆርጠሽ አንዴ ሙሉውን፣ አንዴ በታይል፣ ማለትም በየቁራጩ፣ ሥሪው። ሁለቱን ቀንሺና ልዩነቱን በ20 አባዢው። ፍርግርግ ከታየሽ ዳሩ አንሷል። ዝም ብለሽ ግን አታብዢው፤ 512ን በ640 መሥራት ራሱ ሥራውን በ56 በመቶ ይጨምራል። ቁራጩን ወደ 256 አውርደሽ ያንኑ 64 ብትጥዪማ ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ካርዱ የቻለውን ትልቁን ቁራጭ ስጪው።

ጠርዛቸውን ደራርቦ ቀስ በቀስ ማዋሃድ ይበቃል እኮ፣ ምን ያካብዳል?

ግማሹ ልክ ነው። ማዋሃድ መስመሩን ያለሰልሳል፣ ግን የተበላሸውን ጠርዝ ከደህናው ጋር ነው የሚቀላቅልብህ። መጀመሪያ የተበላሸውን ጣል፣ ትንሽ ልዩነት ከቀረ ያኔ አዋህድ። ስታዋህድም በየፒክስሉ ክብደቶቹ ተደምረው 1 መምጣታቸውን አረጋግጥ፤ አለዚያ አዲስ ፍርግርግ ትፈጥራለህ። እኔም አንዴ ሠርቼዋለሁ፣ ባነሩ ታትሞ ነው ያየሁት።

የኔ የበቆሎ ማሳ የድሮን ፎቶ ነው። ዳሩን 128 አደረስኩት፣ መስመሩ ንቅንቅ አላለም።

እንግዲያው የታይል ላይሆን ይችላል። መቁረጫውን በ256 ፒክስል አንሸራትተህ እንደገና ሥራው። መስመሩ አብሮ ከሄደ የታይሉ ነው። ከቦታው ካልተነሳ ቀድሞ ፎቶው ውስጥ ነበረ፤ ድሮኑ በተለያየ ብርሃን ያነሳቸው ፎቶዎች ሲገጣጠሙ የመጣ ሳይሆን አይቀርም። እሱን የኔ ዘዴ አይነካውም።

መስመር የለም፣ ግን አንዱ ካሬ ነጣ፣ ሌላው ጠቆር ይላል።

ይሄኛው ሌላ በሽታ ነው። ሞዴሉ ውስጥ GroupNorm ወይም InstanceNorm ካለ አማካዩን የሚያሰላው ከተሰጠው ቁራጭ ብቻ ነው። ጭጋግ ያለበት ቁራጭና ጀልባ ያለበት ቁራጭ አማካያቸው ይለያያል፤ ዳሩን ብታሰፋውም አይጠፋም። BatchNorm ከሆነ ምናልባት `model.eval()` ረስተህ ነው፣ እሱ በአንድ መስመር ይድናል። ለሌላው እኔ የማደርገው ይኸው ነው፦ ሙሉውን ፎቶ ካርዱ እስኪችለው አሳንሼ አንዴ አሠራዋለሁ፣ ከዚያ ሰፊውን የቀለምና የብርሃን አካሄድ ከሱ፣ ዝርዝሩን ከታይሎቹ እወስዳለሁ።

200 ታይል ያህል ሠርቶ ሚሞሪ ሞላ ብሎ ቆመ።

ውጤቱን ካርዱ ላይ እያከማቸህ ነው። ከላይ ያለውን `.cpu()` እና `inference_mode` እየው።

ዝርዝር እየፈጠረ በሚያሳድግ ዲፊዩዥን ሞዴልስ?

እዚያ እኔም ገና ነኝ። ሁለት ቁራጭ ያንኑ የሐይቅ ዳር ድንጋይ ለየቅል ይፈጥሩታል፣ ስታዋህዳቸው ድንጋዩ ድርብ ሆኖ ይወጣል። በየእርምጃው ማዋሃድ፣ በመጨረሻ ብቻ ከማዋሃድ ይሻላል፤ ድንጋዩ ድርብ መሆኑን ይቀንሰዋል፣ ሞገዱ ላይ ግን አሁንም አልረካሁም። የተሻለ ያገኘ ካለ ይጻፍልኝ።