ፕሮግራም በጀት የሚፈተነው ነዳጅ ላይ ነው

«ሐረር ውስጥ በማዘጋጃ ቤት ፋይናንስ የበጀት ባለሙያ ነኝ። የመጪው ዓመት በጀት በፕሮግራም ተዘጋጅቶ ይቅረብ ተብለናል። ከለመድነው የወጪ መደብ በጀት በተግባር የሚለየው በምንድን ነው? ሥራ ከማብዛት ያለፈ ጥቅምስ አለው?»

ድሬዳዋ ውስጥ በተመሳሳይ ክፍል ለዓመታት ስለሠራሁ፣ ከሥልጠና ሰነዱ የማያገኙትን ብቻ ልንገርዎት። የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በፕሮግራም በጀት ስለሚሠሩ፣ ስለ ዓላማ፣ ስለ ውጤትና ስለ አመልካች የሚያብራራ ጽሑፍ አይቸግርዎትም። የሚቸግርዎት ሰነዱ ጸድቆ የመጀመሪያው ክፍያ ሲመጣ ነው።

1. የወጪ መደቡን እንዳይጥሉት። ፕሮግራም በጀት የወጪ መደብን አይተካም፤ ከበላዩ ይቀመጣል እንጂ። ደመወዝ በ6111፣ የቀን ሠራተኛ በ6114፣ ነዳጅና ቅባት በ6217፣ የተሽከርካሪ ጥገና በ6241 መመዝገባቸው ይቀጥላል። መደቡ ገንዘቡ ምን እንደተገዛበት ይናገራል፤ ፕሮግራሙ ደግሞ የተገዛው ነገር ለየትኛው ሥራ እንደዋለ ይናገራል። ለቁጥጥር ከሆነ የድሮው አሠራር ዛሬም የሚናቅ አይደለም፤ ኦዲተር ሲመጣ የሚከፍተው እሱኑ ነው። የማይመልሰው ጥያቄ ግን አንድ ነው፤ ሥራው ቢጨምር ወይም ቢቀንስ ገንዘቡ ስንት ይሆናል?

2. ነዳጁን ከሥራው ተነሥተው ያስሉ። ለስሌት እንዲቀል ቁጥሮቹን አጠጋግቼ ላሳይዎት። አራት የቆሻሻ መኪኖች አሉ እንበል፤ እያንዳንዳቸው በቀን ሁለት ቢያጆ ያወጣሉ፤ በዓመት 300 ቀን ይሠራሉ። ይህ 2,400 ቢያጆ ነው። አንዱ ቢያጆ 20 ሊትር ቢፈጅና ሊትሩን በ100 ብር ብንይዘው ዓመቱ 4.8 ሚሊዮን ብር ይፈልጋል። አሁን አስተዳደሩ አዲስ ሰፈር እንዲዳረስ ወስኖ ሁለቱ መኪኖች ሦስተኛ ቢያጆ ቢጨመርባቸው 600 ቢያጆ፣ ማለትም 1.2 ሚሊዮን ብር ይጨምራል፤ ድምሩ 6 ሚሊዮን ይሆናል። በለመድነው አሠራር ግን የአምናው 4.8 ሚሊዮን ተይዞ አሥር በመቶ ይታከልበትና 5.28 ሚሊዮን ይጸድቃል። ሥራው በሩብ አድጓል፤ ገንዘቡ ያደገው በአሥር በመቶ ነው። ያ ነዳጅ ግንቦት አጋማሽ ላይ ያልቃል።

ግንቦት አጋማሽ ለእኛ ከተማ ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳዎት። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፤ ክረምቱም የሚመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ስለዚህ የፍሳሽ ቦዮች ተጠርገው ደለሉ መነሣት ያለበት በሚዘጋው ዓመት በግንቦትና በሰኔ፣ መደቡ ባዶ በሚሆንበት ጊዜ ነው። የ1998ቱን የደቻቱ ጎርፍ የሚያስታውስ ሰው ይህን ሥራ ለሐምሌ አያሳድርም። ከካፒታል በጀት ወደ መደበኛ በጀት ማዛወር ስለማይፈቀድ፣ ያለው አማራጭ ከሌላ መደበኛ መደብ መሸራረፍ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሸረፈው ደግሞ የቀን ሠራተኛው 6114 ነው። በዚህም መኪናው ነዳጅ ያገኛል፤ ደለሉን የሚጭንበት ሰው ግን ይጠፋል።

ይህንኑ ስሌት ይዘን ወደ በጀት ክርክር የቀረብንበት ዓመት ነበር። መሥሪያ ቤቱን አልጠራም፤ እዚያ የተቀመጡት ኃላፊ ሰነዱን ገና ሳይገልጡ «ቢያጆውን ተዉትና የአምናው ስንት ነበር?» አሉን። በፕሮግራም አቅርቡ ብሎ ደብዳቤ የጻፈልን ይኸው መሥሪያ ቤት ነው! መልስ ስንጀምር ስልካቸውን አንሥተው ወጡ። በጀቱ እንደተለመደው ከአምናው ላይ ጥቂት ተጨምሮበት ጸደቀ፤ የቢያጆው ዒላማ ግን ሳይነካ በሰነዱ ላይ ቀረ። እርስዎ ከዚህ የሚወስዱት ይህን ነው፦ ገንዘቡ ሲቆረጥ ዒላማው አብሮ እንዲቆረጥ እዚያው ክርክሩ ላይ በቃለ ጉባኤ ያስመዝግቡ። 720 ሺህ ብር ሲቀነስ 360 ቢያጆ አብሮ ይቀነሳል። እንዲህ ተብሎ ሲጻፍ ቆራጩም ቆም ብሎ ያስባል፤ በቀጣዩ ዓመት እኛ ያደረግነው ይህንኑ ነው፤ የተቆረጠብንም አነስተኛ ነበር።

3. ሰነዱ አምሮ ክፍያው የድሮው እንዳይሆን። እኔ በቅርብ የማውቀው አንድ ጽሕፈት ቤት የፕሮግራም ሰነዱ በጣም ያማረ ነበር፤ ነዳጁ ግን በጅምላ ኩፖን ይገዛል፤ ክፍያውም ሙሉ በሙሉ «ሥራ አመራርና አስተዳደር» በሚለው ፕሮግራም ላይ ይመዘገባል። ምክንያቱ ተንኮል አልነበረም። ኩፖኑን የሚገዛው የጠቅላላ አገልግሎት ክፍል ስለሆነ ሒሳብ ሠራተኛው የገዢውን ክፍል ፕሮግራም ጻፈ፤ የሒሳብ መመዝገቢያ ሶፍትዌሩ አይቤክስም የተሰጠውን ተቀበለ። ዓመቱ ሲያልቅ የጽዳት ፕሮግራሙ ነዳጅ ሳይነካ እንደተቀመጠ፣ አስተዳደሩ ግን ከተፈቀደለት በላይ እንዳወጣ የሚያሳይ ሪፖርት ወጣ። የኃላፊዎች ፒካፕ የጠጣው የትኛው፣ የቆሻሻ መኪናው የጠጣው የትኛው እንደሆነ መለየት አልተቻለም፤ በ6217 ድምር ብቻ ያዩት እንደሆነ ግን ሁሉም ነገር ደኅና ይመስላል።

እኛ ዘንድ ይህን የዘጋው የኩፖን መስጫ መዝገቡ ነው፤ ዓምዶቹን ያሰመርኳቸው እኔ በመሆኔ ትንሽ ብኮራ አይፍረዱብኝ። ከቀኑ፣ ከኩፖን ቁጥሩና ከሊትሩ ቀጥሎ የሰሌዳ ቁጥር፣ የኪሎ ሜትር ንባብ፣ የፕሮግራም ኮድና ከስምሪት ክፍል የተፈረመ የቢያጆ ብዛት ይጻፋል። ሾፌሩ ካልፈረመ ኩፖን አይሰጠውም። በወሩ መጨረሻ ሊትሩ በፕሮግራም ይደመርና ሒሳብ ክፍሉ ከአስተዳደር ወደ ትክክለኛው ፕሮግራም የማስተካከያ ምዝገባ ይሠራል። ስንጀምር ሾፌሮቹ «ፖሊስ ሆናችሁብን» ብለው አኩርፈው ነበር። ኩርፊያው የበረደው አንድ አሮጌ መኪና ለአንድ ቢያጆ ከሌሎቹ እጅግ የበዛ ሊትር እንደሚወስድ መዝገቡ ሲያሳይ ነው፤ መኪናው ፍተሻ ገባና ጥፋቱ የሾፌሩ ሳይሆን የኖዝሎቹ ሆኖ ተገኘ። በ6217 አጠቃላይ ድምር ብቻ ቢሆን ይህ ሊታይ የሚችልበት መንገድ አልነበረም።

ደመወዝን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። አንድን ሠራተኛ አርባ በመቶ እዚህ፣ ስልሳ በመቶ እዚያ እያሉ አይከፋፍሉት፤ ያ መቶኛ ከማን አእምሮ እንደወጣ የሚጠይቅዎት ሰው ይመጣል። ሾፌሩንና የጽዳት ተቆጣጣሪውን ዋና ሥራቸው ባለበት ፕሮግራም ይያዙ፤ ፋይናንስ፣ ግዥ፣ የሰው ሀብትና ኦዲት በአስተዳደር ይቆዩ። አስተዳደሩ ከጠቅላላው በጀት ግማሹን ካለፈ፣ የሥራ ወጪ እዚያ ተደብቋል ማለት ስለሆነ ተመልሰው ይፈትሹ።

«ሥራ ያበዛል ወይ» ላሉት፣ አዎ፣ ያበዛል፤ በመጀመሪያው ዓመት በተለይ። ስለዚህ ሁሉንም ፕሮግራም እኩል ለማሳመር አይድከሙ፤ ጽዳትንና የፍሳሽ ቦዮችን ብቻ ከቢያጆና ከሊትር ተነሥተው ይሥሩ፤ የቀረው ለጊዜው በአምናው ይሂድ። ጥር ላይ፣ የግማሽ ዓመቱ ሪፖርት ሲዘጋጅ፣ የወጣውን ሊትር ለተሠራው ቢያጆ ያካፍሉትና ከ20 ምን ያህል እንደራቀ ይዩ። ከራቀ የበጀት ዝውውር ጥያቄውን የካቲት ላይ ያስገቡ፤ ግንቦት ላይ ሁሉም ጠያቂ ስለሚሆን የሚሰጥዎት አያገኙም።