ከአክሲዮን ወደ ክሪፕቶ ኤክስቼንጅ ለሚያዛውር ሰው

ጥያቄ፦ «ለዓመታት አክሲዮን ብቻ ነበር የምገዛውና የምሸጠው። አሁን የተወሰነውን ወደ ክሪፕቶ ኤክስቼንጅ ላዛውር ነው። ሌሊትም፣ ቅዳሜና እሁድም ክፍት ስለሆነ በፈለግኩት ሰዓት ሸጬ መውጣት እችላለሁ አይደል? ከሰዓቱ ሌላ ምን ልዩነት አለው?»

ወንድሜ፣ መሸጥ ሌላ፣ መውጣት ሌላ ነው። ሰው ገንዘቡን የሚያቃጥለው እዚች ላይ ስለሆነ ከዚሁ ልጀምር። አካውንት አከፋፈትና መታወቂያ ማስገባት የመሳሰለውን እዚያው ስትደርስ ታየዋለህ።

1. ሰዓቱ። ገንዘብህ ከኤክስቼንጁ ተነሥቶ ባንክህ እስኪገባ ሦስት በሮች ያልፋል፦ ገዢ ማግኘት አለብህ፣ ኤክስቼንጁ ወጪውን መልቀቅ አለበት፣ ባንኩ ክፍት መሆን አለበት። «24 ሰዓት ክፍት ነው» የሚባለው የመጀመሪያው በር ብቻ ነው። የኒውዮርክ አክሲዮን ገበያ መደበኛ ግብይት ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ በቀን ስድስት ሰዓት ተኩል ነው። ከዚህም በላይ ፍሬን አለው፦ ኤስ ኤንድ ፒ 500 በአንድ ቀን 7 በመቶ ከወረደ ግብይቱ ለ15 ደቂቃ ይቆማል፣ 13 በመቶ ላይ እንደገና ይቆማል፣ 20 በመቶ ከደረሰ የዚያ ቀን ገበያ ያበቃል። በማርች 2020 ይህ ፍሬን አራት ጊዜ ተይዟል። ከአራቱ አንዱ በሆነው ማርች 12 ቀን ቢትኮይን ከዋጋው ከሲሶ በላይ ሲያጣ ግን «ቆይ፣ ሰው ይረጋጋ» የሚል የጋራ ደንብ አልነበረም።

መዘጋት የራሱ ጉዳት እንዳለው አንተም ታውቃለህ። ዓርብ ማታ መጥፎ ዜና ከወጣ ሰኞ ገበያው ሲከፈት ዋጋው ዘሎ ወርዶ ታገኘዋለህ፤ ያስቀመጥከው ስቶፕ ኦርደርም በዚያው በወረደው ዋጋ ይፈጸማል። ክሪፕቶ ላይ ይህ ዝላይ የለም፣ ግን የቅዳሜና እሁዱ ችግር በሌላ መልክ ይመጣል። በ2023 የሆነውን ልንገርህ።

ዓርብ ማርች 10 ሲሊከን ቫሊ ባንክ ተዘጋ። ዩኤስዲሲ የሚባለውን፣ አንዱ ሁልጊዜ በአንድ ዶላር ይመነዘራል የተባለለትን ስቴብልኮይን የሚያወጣው ሰርክል ደግሞ ከመጠባበቂያው 3.3 ቢሊዮን ዶላር እዚያ ባንክ ውስጥ እንዳለ ያን ሌሊት አሳወቀ። በሥራ ቀን ቢሆን ዋጋው ትንሽ ዝቅ ሲል ትልልቆቹ ነጋዴዎች በርካሽ እየገዙ ለሰርክል በሙሉ ዶላር ይመልሱለታል፤ ዋጋውን ወደ ቦታው የሚመልሰውም ይኸው ነው። ቅዳሜ ግን ባንክ ዝግ ነው። ኮይንቤዝ የሚባለው ኤክስቼንጅም ዩኤስዲሲን በዶላር መመንዘር እስከ ሰኞ አቆመ። ገበያው ክፍት ነበርና የፈራ ሁሉ እርስ በርሱ ሲሻሻጥ ዋጋው ከ0.88 ዶላር በታች ወረደ። 10,000 የነበረው ሰው በ0.88 ሸጦ ከወጣ 8,800 ዶላር ያዘ ማለት ነው። እሁድ ማታ የአሜሪካ መንግሥት የባንኩ አስቀማጮች ገንዘባቸውን በሙሉ እንደሚያገኙ አስታወቀ፣ ሰኞ ዋጋው ወደ አንድ ዶላር ተመለሰ። ያ 1,200 ዶላር የጠፋው ገበያው ክፍት፣ ባንኩ ዝግ በነበረባቸው ሁለት ቀናት ውስጥ ነው። ስለዚህ ሰኞ የሚያስፈልግህን ገንዘብ ዓርብ ባንክ ከመዘጋቱ በፊት አውጣ፤ «እሁድ አያለሁ» አትበል።

2. ንብረትህን ማን ይይዘዋል? ከሁሉ በላይ የምጨነቅልህ እዚህ ላይ ነው፤ ከአክሲዮን የመጣ ሰው ነገሩ አንድ ዓይነት ስለሚመስለው። አክሲዮን ስትገዛ ገበያው ገዢና ሻጭ ያገናኛል እንጂ ያንተን አክሲዮን አይዝም። ሒሳብህን የሚይዘው ደላላው ነው፣ አክሲዮኖቹ ተመዝግበው የሚቀመጡት ደግሞ በሌላ ተቋም ነው። አሜሪካ ውስጥ ደላላው የደንበኛን ንብረት ከራሱ ለይቶ እንዲይዝ ሕግ ያስገድደዋል። ቢከስርም አብዛኛውን ጊዜ ሒሳብህ ወደ ሌላ ደላላ ይዛወራል፣ የጎደለ ካለ ሲፒክ የሚባለው የመድን ተቋም እስከ 500,000 ዶላር ይሸፍናል፤ ከዚህ ውስጥ ለጥሬ ገንዘብ የሚሆነው እስከ 250,000 ነው። የዋጋ ውድቀትን አይሸፍንም፣ ንብረትህ እንዳይጠፋ ግን ይጠብቃል።

ክሪፕቶ ኤክስቼንጅ በአብዛኛው ገበያውም፣ ደላላውም፣ ግምጃ ቤቱም ራሱ ነው። ስክሪንህ ላይ 0.5 ቢትኮይን ሲል የሳንቲሞቹ የጋራ መዝገብ በሆነው ብሎክቼይን ላይ ለአንተ ተለይቶ የተቀመጠ ነገር አለ ማለት አይደለም፤ የድርጅቱ ዳታቤዝ ውስጥ የተጻፈ ቁጥር ነው። ሳንቲሞቹ ከሌላው ደንበኛ ጋር ተቀላቅለው ድርጅቱ ቁልፋቸውን በያዘባቸው ዋሌቶች ውስጥ ናቸው። ኤፍቲኤክስ በሚባለው ኤክስቼንጅ ላይ የደንበኞች ገንዘብ አላሜዳ ወደሚባለው የባለቤቱ ሌላ ድርጅት ሄዶ ነበር። በኖቬምበር 2022 ሰው ሁሉ ባንዴ ላውጣ ሲል ኖቬምበር 8 ቀን ወጪ ቆመ፣ ኖቬምበር 11 ቀን ድርጅቱ ለኪሳራ አመለከተ። የደንበኛው ስክሪን ላይ ግን ቁጥሩ እንዳለ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ብዙ ሰው አያውቀውም። የኪሳራ ፍርድ ቤት የደንበኛን ሳንቲም የሚተምነው ድርጅቱ ባመለከተበት ቀን ዋጋ ነው። አንድ ቢትኮይን የነበረው ሰው የ16,871 ዶላር ጠያቂ ሆነ። ክፍያው ለአነስተኛ ጠያቂዎች በፌብሩዋሪ 2025 ሲጀመር ከነወለዱ 119 በመቶ ገደማ ደረሳቸው፣ ማለትም ለአንድ ቢትኮይን 20,000 ዶላር አካባቢ። በዚያ ወር አንድ ቢትኮይን ገበያ ላይ ከ80,000 ዶላር በላይ ያወጣ ነበር። «ሙሉ በሙሉ ተከፈላቸው» ሲባል ብትሰማ ይህን ልብ በል።

ወለድ እንከፍላለን የሚሉትን ደግሞ ውላቸውን ሳታነብ አትንካ። ከእነሱ አንዱ የነበረው ሴልሺየስ ሲወድቅ ዳኛው በጃንዋሪ 2023 የወለድ ሒሳብ ውስጥ ያለው ክሪፕቶ የድርጅቱ ንብረት ነው ብለው ወሰኑ፣ ምክንያቱም ደንበኛው የተስማማበት ውል ባለቤትነቱ ወደ ድርጅቱ እንደሚዛወር ይላል። ውሉ ላይ ስለ ባለቤትነት የሚናገረውን አንቀጽ ፈልገህ አግኝ፤ ከሌላው ሁሉ በፊት እሱን አንብብ። ድርጅቶቹ የሚያወጡት የመጠባበቂያ ማረጋገጫም ቢሆን በአንድ ቀን ምን ያህል ሳንቲም እንደያዙ ያሳያል እንጂ ከሌላ ቦታ ምን ያህል እንደተበደሩ በሙሉ አያሳይም።

3. ገዢ የማግኘቱ ጉዳይ። ስክሪኑ ላይ የምታየው ዋጋ የመጨረሻው ሽያጭ ዋጋ ነው፤ የአንተን ያህል ብዛት በዚያ ዋጋ የሚገዛ አለ ማለት አይደለም። የአንድ ትንሽ ሳንቲም 40,000 ፍሬ አለህ እንበል፣ ስክሪኑ 1.00 ዶላር ይላል። ኦርደር ቡኩን ስትከፍተው 5,000 በ0.99፣ 8,000 በ0.97፣ 10,000 በ0.93፣ 17,000 በ0.85 የሚገዙ አሉ። ማርኬት ኦርደር ከሰጠህ ሁሉንም በተራ ጠርጎ ይሸጥልሃል፤ ሲደመር 36,460 ዶላር ይሆናል። 40,000 ብለህ ያሰብከው ላይ 3,540 ዶላር ጎደለ፣ ያውም ገና ኮሚሽን ሳይቆረጥ። 0.97 ላይ ሊሚት ኦርደር ብታስቀምጥ 13,000ውን በ12,710 ዶላር ትሸጣለህ፣ የቀረው ገዢ ይጠብቃል። መጠበቁ አደጋ አለው፣ ግን ውሳኔው ያንተ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ የአክሲዮን ትእዛዝህ ሌላ ገበያ ላይ የተሻለ ዋጋ ተለጥፎ እያለ በባሰ ዋጋ እንዳይፈጸም በመደበኛው የግብይት ሰዓት የሚከላከል ደንብ አለ። ክሪፕቶ ላይ እያንዳንዱ ኤክስቼንጅ ለብቻው ነው። ዓርብ ኦክቶበር 10 ቀን 2025፣ የአሜሪካ አክሲዮን ገበያ ከተዘጋ በኋላ የታሪፍ ዜና ወጥቶ ክሪፕቶ ሲወድቅ፣ አንዱ በአንድ ዶላር እንዲቆይ የታሰበው ዩኤስዲኢ የሚባለው ሳንቲም ባይናንስ በሚባለው ኤክስቼንጅ ላይ እስከ 0.65 ዶላር ገደማ ሲወርድ በሌሎች ገበያዎች ከዚያ በጣም የተሻለ ዋጋ ነበረው። በብድር ሲገበያይ ለነበረ ሰው ጉዳቱ ይብሳል፦ መያዣው በዚያ ዋጋ ተሰልቶ ኤክስቼንጁ ራሱ ይሸጥበታል፣ ከሰዓታት በኋላ ዋጋው ቢመለስም የእሱ አይመለስም።

ስለዚህ ከማዛወርህ በፊት የመረጥከውን ሳንቲም ኦርደር ቡክ ቅዳሜ ሌሊት ክፈተው፣ በሥራ ቀን እኩለ ቀን ላይ ሳይሆን። ከዋጋው 2 በመቶ በታች ድረስ ያሉትን የገዢ ትእዛዞች ደምር። ልትሸጥ የምትችለው መጠን ከዚህ ድምር አንድ አሥረኛ የሚበልጥ ከሆነ እኔ በበኩሌ ብዙ ነው እላለሁ።

ከዚያ ትንሽ ገንዘብ አስገባ፣ ግዛ፣ ሽጥ፣ እስከ ባንክህ ድረስ አውጣ። መንገዱን ሙሉ በሙሉ ሳትሞክር ዋናውን እንዳታስገባ። የይለፍ ቃል ወይም የማረጋገጫ ስልክ ስትቀይር ብዙዎቹ ወጪህን ለ24 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ስለሚያግዱ ገበያ በሚናወጥበት ቀን ምንም አትነካካ። የቀን የወጪ ገደብህንም አሁኑኑ እየው።

ማስገባትና መገበያየት እየሠራ ወጪ ብቻ «ለቴክኒክ ጥገና» ከቆመ፣ ደንበኛ አገልግሎቱም ያንኑ የተዘጋጀ መልስ ደጋግሞ ከላከልህ፣ የዚያን ኤክስቼንጅ ዋጋ ከሌሎቹ ጋር አስተያይ። ማውንት ጎክስ የሚባለው ኤክስቼንጅ በፌብሩዋሪ 2014 ወጪ ካቆመ በኋላ እሱ ላይ ያለው የቢትኮይን ዋጋ ከሌሎቹ ገበያዎች ከግማሽ በታች ወርዶ ነበር። ርካሽ መስሎህ እንዳትገዛ፤ የወረደው ማውጣት ስለማይቻል ነው። አዲስ ገንዘብ መላክ አቁም፣ የሒሳብህን ዝርዝርና ያደረግከውን ግብይት ሁሉ አውርደህ ኮምፒውተርህ ላይ አስቀምጥ። ድርጅቱ ከከሰረ ድረ ገጹ ሊዘጋ ይችላል፣ ጥያቄህን የምታቀርበውም በዚያ ማስረጃ ነው።

ቁልፉን አንተ ወደያዝከው የራስህ ዋሌት ስታወጣ ደግሞ ሳንቲሙ የሚላክበት ኔትወርክ በሁለቱም በኩል አንድ መሆኑን አረጋግጥ፤ አንዱ ጋ TRC20፣ ሌላው ጋ ERC20 ከሆነ አትላክ። ከአድራሻው በተጨማሪ ተቀባዩን የሚለይ ሜሞ ወይም ታግ የሚባል መለያ የሚጠይቁ ሳንቲሞች ስላሉ እሱንም ሳትሞላ እንዳትልክ። መጀመሪያ በትንሹ ላክ፣ መድረሱን በዓይንህ እይ፣ ከዚያ የቀረውን አስከትል።