አንዲት «ለ» ቅባቱን መድኃኒት ታደርገዋለች

ልጆቼ፣

ባለፈው ክረምት አንዲት ወጣት ጠርሙስ ይዛ ቤቴ መጣች። ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምንኖረው፤ እናቷን ከቤተ ክርስቲያን አውቃታለሁ። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ራሷ እያዘጋጀች የምትሸጠው የፀጉር ቅባት ነው። ጥቁር አዝሙድ፣ የጥብስ ቅጠል፣ ጤና አዳም፣ የወይራ ዘይት። «ጋሼ፣ ጽሑፉን ማተሚያ ቤት ልሰጠው ነው። አንዴ ይዩልኝ» አለችኝ።

እኔ ከሠላሳ ዓመት በላይ በፋርማሲ ሙያ ሠርቻለሁ። መጀመሪያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ እዚህ ሜሪላንድ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቅባት፣ ሳሙናና የቅጠል ሻይ የሚሸጡ ልጆች እንዲህ እየመጡ ጽሑፋቸውን ያሳዩኛል። ሁላችሁም ጋ መድረስ ስለማልችል፣ ለእሷ የነገርኳትን ለእናንተም ልጻፈው።

ጠርሙሱ ላይ የነበረው ይህ ነው፦ «ፀጉር ያበቅላል። መነቃቀልን ያቆማል። ለፎሮፎር፣ ለቆረቆር ፍቱን። መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ ስለሆነ ምንም ጉዳት የለውም።»

እዚህ አሜሪካ አንድ ዕቃ መድኃኒት ነው ወይስ መዋቢያ የሚለውን የሚወስነው ውስጡ ያለው ነገር ብቻ አይደለም። ሻጩ «ለዚህ ይሆናል» ያለው ቃልም ይወስናል። ሕጉ በሽታን ለመመርመር፣ ለማዳን፣ ለማከም ወይም ለመከላከል የታሰበን ነገር መድኃኒት ይለዋል። የሰውነትን አሠራር ይለውጣል ተብሎ የሚሸጥም እንደዚያው ነው። መዋቢያ የሚባለው ለማጽዳት፣ ለማሳመርና መልክን ለመለወጥ የታሰበው ነው። ስለዚህ ያው አንድ ጠርሙስ፣ ያው አንድ ዘይት፣ በጻፋችሁበት ቃል ምክንያት መድኃኒት ሆኖ ይቆጠራል። ከዚያ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ የሆነው ኤፍዲኤ ያላጸደቀውን መድኃኒት እየሸጣችሁ ነው ማለት ነው።

አብዛኞቹ ልጆች የሚጠነቀቁት ከግሱ ነው። «ያድናል» እና «ይፈውሳል» አደገኛ እንደሆኑ ያውቃሉ፤ እነሱን ያወጣሉ። በአማርኛ ግን ግስ አያስፈልግም። «ለቆረቆር» ብሎ መጻፍ ብቻ ይበቃል። ያቺ ትንሽ «ለ» ሙሉ ዓረፍተ ነገር ናት። ገዢው ሲያነባት «ይህ የቆረቆር መድኃኒት ነው» ብሎ ይረዳል፤ ሕጉም እንደዚያው ይረዳታል።

«ለ» ሁሉ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። «ለደረቅ ፀጉር» ምንም ችግር የለውም። ከ«ለ» በኋላ የመጣውን ስም እዩት። ሐኪም ካርድ ላይ የሚጻፍ ስም ከሆነ አውጡት። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ጨጓራ፣ ቋቁቻ፣ ጭርት፣ ቆረቆር፣ እነዚህ ሁሉ የበሽታ ስሞች ናቸው።

ልጅቷም ብልህ ናትና ወዲያው ልታለሰልሰው ሞከረች። «እሺ ጋሼ፣ ‹ቆረቆርን ለመቀነስ ይረዳል› ብለውስ?» አለችኝ። ያው ነው አልኳት። «አያቶቻችን ለቆረቆር ይጠቀሙበት ነበር» ብትልስ? እሱም ያው ነው። «ጥናቶች እንደሚያሳዩት ጥቁር አዝሙድ ፈንገስ ይገድላል» ቢባልስ? ጥናቱ እውነት ቢሆን እንኳ ቅባትሽን ለመሸጥ ከተጠቀምሽበት ያንቺ ቃል ሆነ ማለት ነው። የበሽታው ስም ጠርሙሱ ላይ እስካለ ድረስ ዙሪያውን ብታስጌጪው አይለወጥም።

ከዚያ መስመር በመስመር ሄድን።

«ያበቅላል» እና «መነቃቀልን ያቆማል» አብረው ወጡ። እዚህ አገር ከ1989 ጀምሮ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ፀጉር ያበቅላል ወይም እንዳይነቀል ያደርጋል የሚል ማንኛውም ያለ ማዘዣ የሚሸጥ ቅባት እንደ አዲስ መድኃኒት ተቆጥሮ መጽደቅ አለበት። ሚኖክሲዲል የሚባለው የፀጉር ማብቀያ መድኃኒት ያንን መንገድ አልፏል። የእኛ ቅባት አላለፈም። ልጅቷ በዚህ ከፋት፤ ሰው የሚገዛው ለዚያ ነዋ። እኔ ግን አንድ ነገር ጠየቅኳት። «ደንበኞችሽ ‹ፀጉሬ ረዘመልኝ› ሲሉ፣ ከሥሩ አዲስ በቅሎ ነው ወይስ መሰባበሩን ትቶ?» ትንሽ አሰበችና «መሰባበሩን ትቶ ይመስለኛል፤ ጫፉ ነው የሚቆረጠው» አለች። እንግዲያው እሱን ጻፊ አልኳት። መነቃቀል ከሥር ነው፤ የሰውነት ጉዳይ ነው። መሰባበር ግን ከቆዳው በላይ ባለው ፀጉር ላይ የሚሆን ነው፤ ዘይት ደግሞ ፀጉሩን ሸፍኖ ሲበጠር መሰባበሩን ይቀንሳል። ይህ የመዋቢያ ቃል ነው፤ ደግሞም እውነት ነው።

ፎሮፎርም ወጣ። ብዙ ሰው ፎሮፎርን እንደ ቆሻሻ ነው የሚያየው፤ እዚህ ግን የፎሮፎር ሻምፖ መድኃኒት ነው። መደርደሪያ ላይ ያሉትን ብታገላብጧቸው እንደ ዚንክ ፓይሪታዮን ወይም ሳሊሲሊክ አሲድ ያለ የተፈቀደ ንጥረ ነገር ስሙና መጠኑ ተጽፎባቸዋል። ያ የሌለው ዘይት «ለፎሮፎር» ሊባል አይችልም። «የደረቀ የራስ ቆዳን ያለሰልሳል» ማለት ግን ይቻላል።

ቆረቆር ላይ ስንደርስ ግን ሕጉን ትቼ ስለ አንድ ልጅ ነገርኳት። እናንተም ስሙት።

ከዓመታት በፊት ነው። ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ አንዲት እናት የስድስት ዓመት ገደማ ልጇን ይዛ መጣች። ኮፍያውን ስታወልቀው የራሱ አንድ በኩል አብጧል፤ ሲነካ እንደ ረጠበ ስፖንጅ ይለሰልሳል፤ መግል አለው። አንገቱ ላይ ዕጢዎቹ ወጥተዋል። መጀመሪያ እንደ ሳንቲም የምታክል የተመለጠች ቦታ ነበረች። አንድ የምታውቃት ሴት «ለቆረቆር ፍቱን» የተባለ ቅባት ሸጠችላትና ሦስት ወር ቀባችው። ጥሩ እናት ናት፤ አንድ ቀን አላቋረጠችም።

ቆረቆር ፈንገስ ነው። ከቆዳው ላይ ብቻ ሳይሆን የፀጉሩ ዘንግና ሥር ውስጥ ይገባል። የሚቀባ ነገር፣ ሐኪም ያዘዘው ክሬም እንኳ ቢሆን፣ እዚያ ድረስ ዘልቆ አያጠፋውም። የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ ግሪሲዮፉልቪን ለስድስት ለስምንት ሳምንት። ሐኪሙ ያዘዘላትን ሽሮፕ ስሰጣት ከወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ስጪው፣ ያኔ ነው ሰውነቱ የሚወስደው አልኳት። ፈንገሱ ጠፋ። ያበጠው ቦታ ግን ጠባሳ ሆኖ ቀረ። ጠባሳ ላይ ፀጉር አይበቅልም።

ቅባቱ ራሱ ልጁን አላቆሰለውም። ያቆሰለው ሦስቱ ወር ነው፤ ሦስቱን ወር የበላው ደግሞ ጠርሙሱ ላይ ያለው ቃል ነው። ልጅቷ ይህን ስትሰማ እስክሪብቶውን ከእጄ ወስዳ መስመሩን ራሷ ሰረዘችው።

የቀረው «ተፈጥሯዊ ስለሆነ ምንም ጉዳት የለውም» የሚለው ነበር። ይህን ቃል በጣም ትወዱታላችሁ፤ አውቃለሁ። ግን ጤና አዳምን ራሱን ውሰዱ። ቅጠሉ ከፀሐይ ጋር ሲገናኝ ቆዳን የሚያቃጥል ነገር አለበት። ጭማቂውን ቆዳው ላይ ያደረገ ሰው ፀሐይ ላይ ቢወጣ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ቀይ ይሆናል፤ ውሃ ይቋጥራል፤ ሲድን ጥቁር ምልክት ትቶ ሊሄድ ይችላል። ቡና ላይ የምትገባው አንዲት ዘለላ ሌላ ነገር ናት። ግንባርና አንገት ላይ ተቀብቶ በሐምሌ ፀሐይ መሄድ ግን ሌላ ነው። ዓረፍተ ነገሩም ወጣ፣ ጤና አዳሙም ከቅባቱ ወጣ።

ጠርሙሱ ጸዳ። ስልኳን ስጪኝ አልኳት።

እዚያ ላይ ነው ብዙ ልጆች የሚወድቁት። ጠርሙሱ ላይ ያለው ጽሑፍ ንጹሕ፣ ቲክቶኩ ላይ ግን «በአንድ ወር አበቀለልኝ»። ሕጉ ሁሉንም አንድ ላይ ነው የሚያነበው፦ ጠርሙሱን፣ ቪዲዮውን፣ ድረ ገጹን፣ ሃሽታጉን። የዕቃው ስምም ይቆጠራል፤ «ፈውስ» ብላችሁ ሰይማችሁት ስለ ውበት ብቻ ብትጽፉ ስሙ ይመሰክርባችኋል። የደንበኛ ምስክርነትም እንደዚያው። አንዷ ደንበኛ «ልጄ ከቆረቆር ዳነልኝ» ብላ ጽፋለች፤ ልጅቷ ደግሞ ልብ ሰጥታ ከላይ ሰክታዋለች። ያኔ የደንበኛዋ ቃል የሻጯ ቃል ሆነ። ኤፍዲኤ ለሻጮች በሚልካቸው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎች ላይ ሻጩ ራሱ «ላይክ» ያደረጋቸውን አስተያየቶች ጠቅሶ ያውቃል። ደብዳቤው ሲመጣ በአሥራ አምስት የሥራ ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለባችሁ፤ ደብዳቤውም ማንም እንዲያነበው ድረ ገጽ ላይ ይወጣል። «በአማርኛ ነው የተናገርኩት፣ ማን ይሰማዋል» አትበሉ። ሕጉ በምን ቋንቋ ተባለ ብሎ አይለይም።

ሌላ የማየው ስህተት አለ። ልጅቷ ከጀርባው በትንንሽ ፊደል «ይህ አባባል በኤፍዲኤ አልተመረመረም፤ ምርቱ በሽታን ለመመርመር፣ ለማከም፣ ለማዳን ወይም ለመከላከል የታሰበ አይደለም» የሚለውን ከሌላ ዕቃ ገልብጣ ለጥፋዋለች። ሁሉም ይህን እንደ ጋሻ ነው የሚያየው። ይህ ጽሑፍ የሚዋጡ የምግብ ማሟያዎች ጽሑፍ ነው፤ የ1994ቱ ሕግ ለእነሱ ነው የፈቀደው። ቅባት ላይ ቦታ የለውም። ማሟያ ላይም ቢሆን የሚሸፍነው እንደ «የምግብ መፈጨትን ይደግፋል» ያለውን ነው፤ ያንንም መሸጥ በተጀመረ በሠላሳ ቀን ውስጥ ለኤፍዲኤ ማሳወቅና ማስረጃ መያዝ ይጠይቃል። ፊት ለፊት «ለስኳር በሽታ» ብሎ ከኋላ «አያክምም» ማለት አይሸፍንም። «በኤፍዲኤ የተፈቀደ» የሚለውን ደግሞ ፈጽሞ አትጻፉ። ኤፍዲኤ መዋቢያን ከገበያ በፊት አያጸድቅም፤ መመዝገብ መጽደቅ አይደለም።

አገር ቤትም የምትሸጡ ካላችሁ እዚያ ጉዳዩን የሚይዘው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። የእዚህን ሕግ ይዛችሁ እዚያ አትግቡ።

ማታ ላይ አዲሱ ጽሑፍ ይህን መሰለ፦ «ጥቁር አዝሙድና የጥብስ ቅጠል ያለበት የፀጉር ቅባት። ለደረቅና በቀላሉ ለሚሰባበር ፀጉር። ያለሰልሳል፣ ያበራል፣ ሲበጠር መሰባበርን ይቀንሳል። ቁስል ባለበት ቆዳ ላይ አይቀቡ።» ሸጠችው? አዎ፣ እየሸጠች ነው።

ባለፈው ሳምንት አንድ አስተያየት አሳየችኝ። አንዲት እናት ቪዲዮዋ ሥር «እህቴ፣ ለልጄ ቆረቆር ይሆናል?» ብላ ጠይቃለች። እሷም እንዲህ ብላ መልሳላታለች፦ «አይሆንም እህቴ። ቆረቆር የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል። ዛሬውኑ ቀጠሮ ያዢና ለሐኪም አሳዪው፤ እስከዚያ ማበጠሪያውንና ኮፍያውን ከወንድሞቹ ለዪለት።»